«እሺ» ፈቃድ የማይሆንበት ጊዜ

የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ መረጃ ሰብሳቢዎችና የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት፣

ዛሬ የምናገረው፣ ሰው በጥናት እንዲሳተፍ ፈቃዱን ስንጠይቅ ስለምንሰማት «እሺ» ስለምትለው ቃል ነው። ስትሮክ ቋንቋውን የጎዳበት ሰው፣ ማለትም አፌዥያ ያለበት፣ ሌላው ቃል ሁሉ ጠፍቶት «እሺ» እና «አዎ» ብቻ ሊቀሩት ይችላሉ። እነዚህ ቃላት ሳይታሰቡ ከአፍ ይወጣሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ «እሺ» ለእንግዳ የሚሰጥ አክብሮት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ የፈቃድ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ ምንም ላይናገር ይችላል።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ፤ «መናገር ስለማይችሉ መወሰንም አይችሉም» ብሎ ልጃቸውን ማስፈረም። የብሮካ አፌዥያ ያለበት ሰው ንግግሩ ይቆራረጣል፣ መረዳቱ ግን በአብዛኛው የተሻለ ነው። የቬርኒኬ አፌዥያ ያለበት ሰው ግን አቀላጥፎ እያወራ የምንለውን ላይረዳ ይችላል። ስለዚህ ዝም ካለው ይልቅ አቀላጥፎ የሚያወራው በቀላሉ ያሳስተናል።

የመወሰን ችሎታ ስንል አራት ነገር እንፈልጋለን፦ መረጃውን መረዳት፣ ነገሩ እኔን ይመለከታል ብሎ መገንዘብ፣ ማመዛዘን፣ ምርጫን መግለጽ። እንደ ብሮካ ያለ አፌዥያ አራተኛውን ይዘጋዋል። ያንን በር ካልከፈትን የቀሩትን ሦስቱን ማየት አንችልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ67 ዓመት እናት የብሮካ አፌዥያ አለባቸው፤ ቀኝ እጃቸውም ደክሟል። ጥናቱ ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን የንግግር ልምምድ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜም 10 ሚሊ ሊትር ደም ይወስዳል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው።

መጀመሪያ «አዎ» እና «አይ» መታመናቸውን ፈትኑ። ብርጭቆ እያሳያችሁ «ይህ ብርጭቆ ነው?»፣ ቀጥሎ «ይህ ጫማ ነው?» በሉ። መልሱ በቃል፣ በራስ ንቅናቄ ወይም ካርድ በመጠቆም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሚታመን ለዩና በእሱ ቀጥሉ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ ቅንድብ ማንሳትም እኛ ዘንድ «አዎ» መሆኑን አትርሱ።

ከዚያ ጥናቱን በአራት ካርድ አስረዱ፤ በአንዱ ካርድ አንድ ሐሳብ፣ አንድ ሥዕልና አንድ ትልቅ ቃል ብቻ ይኑር። ማንበብ ለማይችሉ መርፌውን ራሱን ጠረጴዛ ላይ አኑሩ።

ካስረዳችሁ በኋላ «ገባዎት?» አትበሉ። «አልገባዎትም?» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ በአማርኛ ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ሲባል «አዎ፣ አልገባኝም» ማለት ሊሆን ይችላልና። ይልቁን እያንዳንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ ይዘት፣ ግን ያለ አሉታ ጠይቁ፦ «ቢያቆሙ ሕክምናዎ ይቀጥላል?»፤ ቆይቶ «ቢያቆሙ ሕክምናዎ ይቋረጣል?»። ሁሉንም «አዎ» የሚል ሰው በመጀመሪያው ጥንድ ይታወቃል። መልሱ ሲጣረስ ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም አይረዳም፤ ካርዱን እንደገና አስረዱ፣ ወይም በሌላ ቀን፣ ጠዋት፣ ድካም ሳይመጣ ተመለሱ።

ምርጫውን ለመቀበል «እገባለሁ» እና «አልገባም» የሚሉ ሁለት ካርዶች ይበቃሉ። ጎን ለጎን ግን አታስቀምጧቸው፤ የግራ አንጎል ስትሮክ የቀኙን እይታ ሊወስድ ስለሚችል አንዱ ካርድ ላይታያቸው ይችላል። ከላይና ከታች አድርጉ፤ ከዚያ ቦታ ቀይራችሁ ድገሙ። ልጃቸው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ግን አይመልስላቸው። በግራ እጅ ምልክት ወይም በጣት አሻራ ሲፈርሙ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ይኑር።

በመርሳት በሽታ፣ በዲሜንሺያ፣ ችግሩ ሌላ ነው። ሰውየው ምርጫውን ይናገራል፤ ያስረዳነው ግን ይጠፋበታል። መረጃውን እስኪወስን ድረስ ከያዘ ግን በቂ ነው፤ የእንግሊዝና የዌልስ የ2005 የአእምሮ ችሎታ ሕግም ይህን ይቀበላል። ስለዚህ ካርዱ ፊቱ ይቆይ፣ በየቀጠሮው ፈቃዱ እንደገና ይጠየቅ። የማስታወስ ፈተና ነጥብ ለመወሰን ችሎታ ፍርድ አይሆንም፤ ሰው ስለ ደም መስጠት መወሰን ችሎ ስለ ጀርባ ፈሳሽ ናሙና ላይችል ይችላል። እዚህ ዋናው ጥያቄ «ለምን የመጡ ይመስልዎታል?» የሚለው ነው። «ሊያድኑኝ» ካሉ፣ ጥናቱን ከሕክምና ጋር አደባልቀውታል፤ እንደገና መጀመር አለባችሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሕጋዊ ወኪል ይፈቅዳል። ያኔም ቢሆን የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ የተሳታፊውን እምቢታ እንድናከብር ያዛል። መርፌው ሲቀርብ እጃቸውን ከሳቡ፣ ፊታቸውን ካዞሩ፣ ወኪሉ ፈርሟል ተብሎ አይወጋም፤ የዚያ ቀን ሥራ እዚያ ያበቃል።

በመዝገቡ ላይ «ፈቃደኛ ናቸው» ብቻ አትጻፉ። የታየውን ጻፉ፦ «ከአራቱ ጥንድ ጥያቄዎች ሦስቱን በመጀመሪያው፣ አራተኛውን ካርዱ ከተደገመ በኋላ በትክክል መለሱ፤ ካርዶቹ ቦታ ተቀያይረው ሁለቴም ‹እገባለሁ› የሚለውን በግራ እጃቸው ጠቆሙ፤ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት።»