ቲቢን አጥሮ የሚያቆየው ምንድን ነው? የሦስት ሳይቶካይኖች ሥራ

[ምስል፦ የሳንባ የአየር ከረጢት፤ አንድ ማክሮፋጅ የቲቢ ባክቴሪያ ሲውጥ]

የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ማክሮፋጅ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይውጠዋል። ይውጠዋል እንጂ አይገድለውም። ባክቴሪያው የተዋጠበት ከረጢት ከሕዋሱ የመፍጫ አሲድ ጋር እንዳይገናኝ አድርጎ እዚያው ይራባል። ማክሮፋጁ ብቻውን ይህን እገዳ መስበር ይቸግረዋል። ከሌሎች ሕዋሳት መልእክት ያስፈልገዋል። መልእክቶቹ ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ዛሬ ሦስቱን እንከተላለን።

የመጀመሪያው ሥራ የሚጀምረው በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ነው። ቲ ሕዋሳት ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የባክቴሪያውን ቁራጭ ለይተው የሚያውቁት በሰውነታችን እጅግ ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቁራጩን ሲያገኝ ኢንተርሉኪን 2 ያመነጫል፤ በአብዛኛው የሚቀበለውም ራሱና ጎረቤቱ ነው። ነቅቶ የተነሣ ቲ ሕዋስ ተቀባይ በሚባለው፣ መልእክቱን በሚይዝበት ፕሮቲን ላይ ተጨማሪ አንድ ክፍል ይገጥማል፤ በዚህም መልእክቱን የመያዝ ኃይሉ ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ «ተባዙ» የሚለውን ትእዛዝ በደንብ የሚሰሙት ባክቴሪያውን ያዩት ናቸው። ይህ ብዜት ጊዜ ይወስዳል፤ ባክቴሪያው የገባበት ሰው የመከላከል ምላሽ በምርመራ የሚታየው ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው።

[ምስል፦ የተባዙት ቲ ሕዋሳት በደም ሥር ወደ ሳንባ ሲጓዙ]

ቁጥር ግን አይገድልም። ቲ ሕዋሱ ሳንባ ደርሶ በሽተኛውን ማክሮፋጅ ሲያገኝ ሁለተኛውን መልእክት ይለቃል፤ ኢንተርፌሮን ጋማን። ይህኛው የሚያዘው መባዛትን ሳይሆን የማክሮፋጁን ጠባይ መቀየርን ነው። ስታት 1 የተባለ ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ ብዙ ጂኖችን ያስነሣል፤ የተዘጋው ከረጢት ከአሲዱ ጋር ይገናኛል። ይህ መልእክት ሲጎድል የሚሆነው በ1996 እ.ኤ.አ. ግልጽ ሆነ። በማልታና በቱኒዚያ የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ በትክክል የማይሠራላቸው ሕጻናት ተገኙ። በሌሎች ላይ ጉዳት የማያደርሱ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎች በእነርሱ ሰውነት ውስጥ ተሰራጩ፤ የቱኒዚያውን ሕጻን የገደለው የቢሲጂ ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ባክቴሪያ ነበር። ቲ ሕዋሳት ነበሯቸው፤ መልእክቱን የሚሰማ ማክሮፋጅ ግን አልነበራቸውም።

ሦስተኛው ቲ ኤን ኤፍ ነው። ሙሉ ስሙ ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተር ሲሆን፣ በ1975 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ የካንሰር ዕጢ ሲያከስም ስለታየ የተሰጠው ነው። በቲቢ ላይ ያለው ሥራ ግን ከዕጢ ጋር ግንኙነት የለውም። ማክሮፋጆችና ቲ ሕዋሳት ያመነጩታል። የደም ሥር ግድግዳን እንዲያጣብቅ ያደርገዋል፤ በዚያ የሚያልፉ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይያዙና ወደ ሳንባው ሥጋ ይገባሉ። በባክቴሪያው ዙሪያ ተሰብስበው የሚሠሩት ጉብታ ግራኑሎማ ይባላል። ግራኑሎማ የድንጋይ አጥር አይደለም። ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ይተካሉ፤ ቅርጹ የሚጸናው ቲ ኤን ኤፍ እስካልተቋረጠ ድረስ ነው። ያለ ልክ ሲበዛ ግን ትኩሳትና ክሳት ያመጣል፤ ሳንባውንም ይጎዳል።

[ምስል፦ ግራኑሎማ፣ በመካከሉ የተኙ ባክቴሪያዎች]

ሐኪሞች ይህን የተማሩት ከመድኃኒት ነው። ኢንፍሊክሲማብ ቲ ኤን ኤፍን ይዞ ከሥራ ውጭ የሚያደርግ መድኃኒት ሲሆን፣ መገጣጠሚያቸው ለተቆጣ ሕሙማን ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ግን ይህን መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች በአንድ ጥናት ተዘገቡ። ግማሾቹ በ12 ሳምንት ውስጥ ነው የታመሙት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በሽታው ከሳንባ ውጭ ወጥቶባቸው ነበር። በተለመደው ቲቢ ይህ የሚታየው በጥቂቱ ነው፤ ለዚህም ነው የአጥሩ መፍረስ ምልክት ሆኖ የተወሰደው።

አሁን አንዲት ታካሚን እናስብ። መገጣጠሚያዋ አብጧል፣ ሐኪሟም ይህን መድኃኒት ሊያዝላት ነው። አስቀድሞ ደሟን ወስደው ከቲቢ ፕሮቲኖች ጋር አሳድረው ኢንተርፌሮን ጋማ መመንጨቱን ይለካሉ። ውጤቱ አዎንታዊ ነው። ትርጉሙ ቲ ሕዋሶቿ ባክቴሪያውን ያውቁታል ማለት እንጂ በሽታው ተነሥቷል ማለት አይደለም፤ ያንን ለማወቅ የደረት ራጅና ምልክቶቿ ይታያሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ በደንብ ታመነጫለች። «ይህ ይበቃኛል» ብትል ግን ትሳሳታለች፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ሌላውን መልእክት ነውና፣ ያላት ኢንተርፌሮን ጋማ የቲ ኤን ኤፍን ቦታ አይሞላላትም።

ስለዚህ ሐኪሟ ራጁ ንጹሕ መሆኑን ካየ በኋላ የተኛውን ቲቢ የሚያክም መድኃኒት ያስጀምራታል፤ በተለመደው አሠራር ቢያንስ አንድ ወር ያህል ከወሰደች በኋላ ነው ኢንፍሊክሲማብ የሚጀመርላት። ከዚያም በኋላ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ከታየባት፣ ሳል ባይኖራትም እንኳ በአስቸኳይ ተመልሳ እንድትመጣ ይነግራታል።