ማስታወቂያው የቱ ላይ ነው የሞተው? የኮምቦልቻዋ ሶፋ አዳሽ ስክሪፕት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ደሴ ነኝ። ውጭ ጉም ነው። ከኋላዬ በመስኮቱ የምታዩት ነጭ ነገር ጦሳ ተራራ ነው፤ እመኑኝ፣ እዚያ አለ።

ዛሬ የማሳያችሁ የሞተ ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያው ባለቤት ኮምቦልቻ ውስጥ ሶፋ የሚያድሱ እናት ናቸው፣ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ፌስቡክ ላይ ከፍለው የ41 ሰከንድ ቪዲዮ አስተዋወቁ። «ልጄ፣ የደወለልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። ማነው ስላቸው፣ «ወንድሜ! አየሁሽ ሊለኝ።»

ስክሪፕቱን ላንብብላችሁ። በዜና አንባቢ ድምፅ ነው የተነበበው፣ ስለዚህ እኔም እንደዚያ ላድርገው።

«ጤና ይስጥልኝ ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ድርጅታችን በዘርፉ ባካበተው የረጅም ጊዜ ልምድ በመታገዝ፣ ጥራታቸውን የጠበቁና ዘመኑ የደረሰበትን ደረጃ ያሟሉ የሶፋ እድሳት ሥራዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለክቡራን ደንበኞቹ እያቀረበ ይገኛል። አሁን ደግሞ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ልዩ ቅናሽ ማድረጋችንን ስንገልጽ በታላቅ ደስታ ነው። ለበለጠ መረጃ ይደውሉልን፣ ቴሌግራማችንን ይቀላቀሉ፣ ቲክቶካችንን ፎሎው ያድርጉ፣ በአካል መጥተው ይጎብኙን። እናመሰግናለን!»

ሶፋ የሚለው ቃል መቼ መጣ? በስልኬ ለካሁት። 11ኛው ሰከንድ ላይ። ስልክ ቁጥሩስ? 36ኛው ላይ፣ ከታች፣ በቢጫ፣ በነጭ ግድግዳ ላይ። ቢጫ በነጭ! እሺ፣ እሱን ተዉት።

አሁን ከእኔ ጋር መናኸሪያ እንሂድ። ይሄን ምሳሌ በጣም ስለምወደው ታገሡኝ።

ደሴ መናኸሪያ ቆማችኋል። ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰው ጋቢውን አፉ ድረስ ተከናንቧል። ማንም ማንንም መስማት አይፈልግም። የሚኒባሱ ረዳት ምን ይላል? «ጤና ይስጥልኝ ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ተሽከርካሪያችን በሐረጎ ቁልቁለት ባካበተው የረጅም ጊዜ ልምድ…» ይላል? አይልም! «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ!» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ቃል መድረሻው ነው። ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ጆሮው ይቆማል። ወልድያ የሚሄደው ዞር ብሎም አያይም፣ ረዳቱም አይከፋውም። እዚህ ላይ አስምሩልኝ፤ ረዳቱ ሁሉንም ሰው አይጠራም። የእሱን ሰው ነው የሚጠራው። መንጠቆ ማለት ይሄ ነው።

ቀጥሎ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ይሄ ማቅረቢያው ነው። ምን አገኛለሁ? ቶሎ የሚወጣ መኪና። መቼ? ሁለት ሰው ሲገባ። «ፈጣን አገልግሎት» አላለም፣ የሚቆጠር ነገር ነው የነገራችሁ። እርግጥ ነው፣ ገብታችሁ ስታዩ ሁለት ሰው የቀረው ሳይሆን ሁለት ሰው የተቀመጠበት ሊሆን ይችላል። ሁላችንም ደርሶብናል። አንዴ ከተታለላችሁ በኋላ ግን ያንን ረዳት ታምኑታላችሁ? «ቅናሹ ዛሬ ብቻ» እያላችሁ ለሦስት ወር የምታስተዋውቁ ሰዎች፣ እናንተን ነው የማወራው።

ከዚያ በሩን ከፍቶ «ግባ፣ ግባ፣ ግቢ እናቴ» ይላል። ይሄ ጥሪው ነው። አንድ በር፣ አንድ ሥራ። ቴሌግራማችንን ይቀላቀሉ አይልም።

(በነገራችን ላይ ሰብስክራይብ። ከመጨረሻ ወደዚህ ያመጣሁት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል።)

እሺ፣ ወደ ምርመራው። ቶሎ ቶሎ ነው የምሄደው፣ የማስታወቂያ ገጹን ታውቁታላችሁ ብዬ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው የቱ ላይ ነው የሄደው?» ነው። "3-Second Video Plays" የሚለውን ቁጥር ውሰዱ፣ ማስታወቂያው ለታየበት ብዛት አካፍሉት። የእትዬ ማስታወቂያ 10,000 ጊዜ ያህል ታይቶ ሦስት ሰከንድ የደረሰው 900 ገደማ ነበር። ከመቶ ዘጠኝ። ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ። ይሄ ከሆነ ስለ ቅናሹም ስለ ስልኩም አትጨነቁ፣ እዚያ የደረሰ የለም። በሽታው መንጠቆው ነው።

ሦስቱን ሰከንድ አልፎ ከሄደ ግን በየሰከንዱ ስንት ሰው እያየ እንደነበር የሚያሳየውን የእይታ መስመር ተመልከቱ። ቀስ እያለ መውረዱ የጤና ነው፣ ሁሉም ቪዲዮ ይወርዳል። እንደ ገደል ቁልቁል የወረደበትን ሰከንድ ፈልጉና በዚያች ሰከንድ የተባለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ።

እስከ መጨረሻው አይቶ ምንም ካላደረገስ? ያኔ አስተያየቶቹን አንብቡ። «ስንት ነው?»፣ «ጨርቁንም ይጨምራል?» ካሉ ማቅረቢያው ደብዛዛ ነው። «የት ናችሁ?»፣ «ስልክ?» ካሉ ፈልገዋል፣ በሩን ነው ያጡት። ደውለው፣ ተስማምተው ከቀሩ ደግሞ ስክሪፕቱን ተዉት፤ ስልኩን የሚያነሳውን ሰው አዳምጡ። እና በ50 እይታ ምርመራ አትጀምሩ። ሃምሳ ሰው ዘመድ ነው።

አሁን የሠራነው። መጀመሪያ መንጠቆውን ብቻ ቀየርን። ደግሞ ተሳሳትን። ማለቴ፣ ተሳሳትኩ። ሚስት ባሏን ከሶፋ ላይ ስትገፈትረው ቀረጽን። ሰዉ አየው፣ ከመቶ 40 ሦስት ሰከንድ አለፈ! እኔ ጨፈርኩ። አስተያየቱን ስናይ ሁሉም ሳቅ ነው። «ባልየው ይበለው» ይላል። ስለ ሶፋ አንድም ሰው አልጠየቀም። ኮምቦልቻ በሚል ፈንታ «በነፃ!» ብሎ እንደሚጮህ ረዳት ሆንን፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ተሳፋሪ የለም።

ሁለተኛው ላይ እትዬ ራሳቸው መፍትሔ አመጡ። «ልጄ፣ ሰው ሶፋውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ምን መሰለህ? በእጁ ይጫነዋል።» በቃ። ካሜራው ላይ አንድ እጅ ብቻ። ስፖንጁን ይጫናል፣ ስፖንጁ ሰምጦ ይቀራል፣ አይመለስም። ድምፁ፦ «ሶፋሽ እንዲህ ሰምጦ ቀርቷል?» ከመቶ 28 አለፈ። ከባልና ሚስቱ ያነሰ ነው፣ አዎ። ግን እነዚህ ሶፋ ያላቸው ናቸው። ደግሞ ገደሉ ቦታ ቀየረ። አሁን 6ኛው ሰከንድ ላይ ነው የሚወርደው። እዚያ ምን አለ መሰላችሁ? «ባካበተው የረጅም ጊዜ ልምድ።» ያንን ቆርጠን ጣልነው። የቀረው አስተያየት ሁሉ «ስንት ነው?» ሆነ። እትዬም ሁሉንም «በውስጥ መስመር» እያሉ ይመልሳሉ።

እዚህ ጋ ልቁም። ባለፈው ማስታወቂያ ላይ ዋጋ ተናገሩ ስላችሁ ስንቶቻችሁ እንደጻፋችሁልኝ አታምኑም። «ዋጋ ከተናገርን ደንበኛ ይሸሻል።» «ተፎካካሪ ያየዋል።» አንዱማ «አንተ ነግደህ አታውቅም» ብሎኛል። ነግጃለሁ ወንድሜ፣ ከስሬያለሁም።

ተፎካካሪ ዋጋችሁን ማወቅ ከፈለገ የሚስቱን ስልክ ወስዶ ይደውላል። ምናልባት እስካሁን ደውሏል። ደንበኛ ይሸሻል ለምትሉት፣ በዋጋው የሚሸሸው ደንበኛ ስልክ ላይ አሥር ደቂቃ ካደረቃችሁ በኋላም ይሸሻል። ልዩነቱ አሥሩ ደቂቃ ነው። ደግሞ «በውስጥ መስመር» ሲባል ገዢው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «ፊቴን አይተው ነው የሚቆርጡት» ይላል። እናንተስ ገበያ ላይ ዋጋ ያልተነገራችሁ ዕለት እንደዚያ አላላችሁም?

ግን የእናንተም ነገር እውነት አለበት፣ አልክድም። የሶፋ እድሳት ዋጋው እንደ ሶፋው ነው። እትዬም ይሄንኑ ነው ያሉኝ፦ «ሳላየው እንዴት ብዬ ልናገር?» ልክ ናቸው። መፍትሔው ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን አንድ የታወቀ ሶፋ መርጦ የእሱን ሙሉ ዋጋ መናገር ነው። ብዙ ሰው የሚያመጣላቸው ባለ ሦስት መቀመጫውን ነው። እሱን ያዝን። እሳቸው ግን «ከ3,000 ብር ጀምሮ» ማለት ፈለጉ። የምንድነው ስላቸው፣ የአንዲት ትንሽ ወንበር ነው! እንቢ አልኩ። ማንም የማይከፍለውን ዋጋ «ጀምሮ» ብሎ መጥራት ያው «ሁለት ሰው የቀረው» ነው።

አዲሱ ስክሪፕት ይሄውና። 20 ሰከንድ።

«ሶፋሽ እንዲህ ሰምጦ ቀርቷል? አትጣይው። ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ፣ ስፖንጁንም ጨርቁንም ቀይረን፣ 9,500 ብር። ከቤትሽ ወስደን በአምስት ቀን እንመልሳለን። የሶፋሽን ፎቶ አንሺና በዚህ ቁጥር በቴሌግራም ላኪ። ዋጋሽን ዛሬውኑ እንነግርሻለን።»

(9,500 የዚያን ጊዜ ዋጋ ነው። ስፖንጅ ሲጨምር እኔን አትደውሉልኝ።)

ልዩ ቅናሽ የለም፣ ተመጣጣኝ የለም። ስልክ ቁጥሩ ከ5ኛው ሰከንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ስክሪኑ ላይ አለ፣ በጥቁር። ጥሪው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ፎቶ መላክ። መደወል የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፤ ፎቶ ግን ሶፋው ላይ ተጋድሞም ይላካል። ፎቶው ለእትዬም ጠቅሟቸዋል፣ «ሳላየው» ያሉት ነገር ተፈታ።

በመጀመሪያው ሳምንት 31 ፎቶ መጣ። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማቅረቢያውንና ጥሪውን በአንድ ላይ ነው የቀየርነው፣ ምክንያቱም እትዬ ትዕግሥት አልቆባቸው ነበር፣ እኔም እንደዚያው። ስለዚህ ዋጋው ነው የሠራው ወይስ ፎቶው? መለየት አልችልም። አንዱን ቀይረን ሳምንት ብንጠብቅ ኖሮ እናውቀው ነበር።

ከ31ዱ ፎቶ ዘጠኙ ከሩቅ ነው የመጡት። አንዱ ከአዲስ አበባ። «ከቤትሽ ወስደን» ብለናላ! ከየትኛው ከተማ እንደሆነ አልተናገርንም። እትዬ ስልኩን ይዘው «ልጄ፣ ይሄን ሶፋ በምን ላምጣው?» አሉኝ። በማግስቱ ከመንጠቆው በፊት ሁለት ቃል ጨመርን። «ደሴና ኮምቦልቻ!» መናኸሪያውን ስተርክ ነበር የከረምኩት፣ ያቺኑ የረዳቱን ቃል ረስቼ።