ደረጃ መውረድ ዕረፍት ነው እንዴ?

እንደምን አደራችሁ! ዛሬ ደብረ ማርቆስ ነን። ሰዓቱ ከንጋቱ 11 ተኩል፣ ቦታው የተማሪዎች ማደሪያ ደረጃ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለች እንበል። ፈተናዋ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሌሊት ትባንናለች፣ ልቧ ይመታል፣ አንዱን ገጽ ሦስቴ ታነባለች፣ አይገባትም። ተነሣችና ደረጃ መውጣት ጀመረች።

ከምድር እስከ ሦስተኛ ፎቅ 60 ደረጃ ነው። የአንዱ ከፍታ 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ምልልስ 10 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። በመጀመሪያው ቀን 15 ጊዜ ተመላለሰች። ማታ እንቅልፍ ጥሩ ወሰዳት። በማግስቱ ግን ጠረጴዛ ሳትደገፍ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት።

«መውጣቱ ነው የጎዳት፤ መውረዱማ ዕረፍት ነው» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም! እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጭነት የያዘ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ አይታችኋል? ሽቅብ ሲሆን የሚያቃስተው ሞተሩ ነው። ቁልቁል ሲሆን ሞተሩ አይጨነቅም፤ የሚግለው ፍሬኑ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው እኮ! ጠመዝማዛው አያልቅም፣ ከጎማው ሥር የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ነባር ሾፌር ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ጀማሪው ፍሬኑን ረግጦ ይወርድና ያነደዋል። የእናንተ ፍሬን የፊት ጭናችሁ ነው። ስትወርዱ እየተለጠጠ ክብደታችሁን ይይዛል። ትንፋሽ ስለማያጥር ዕረፍት ይመስላል። ያልለመደ ጡንቻን በውስጡ የሚጎዳው ግን ይኸው ነው፤ ሕመሙም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ፈተና ሲደርስ አዲስ ነገር በብዛት አትጀምሩ የምለው ለዚህ ነው። (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አሁን አድርጉ፤ በሚቀጥለው ስለ ጉልበት እናወራለን።)

ልጅቷ ሦስት ቀን አረፈች። ከዚያ ወደ አራት ምልልስ ወረደች። ስትወጣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር እስክትችል ድረስ ቀስ ትላለች። ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከቆላ ለመጣ ሰው ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ላይ ስትደርስ ኮሪደሩን አንድ ደቂቃ ትራመዳለች። ስትወርድ መደገፊያውን ይዛ፣ እግሯን ሙሉ አሳርፋ። ነጠላ ጫማ የለም፤ በባልዲ ውኃ የሚያመላልሱ ልጆች ደረጃውን አርጥበውታል።

የሁለቱም ጭን ድፍን ሕመም የጡንቻ ነው፣ ያልፋል። አንድ ጉልበት ላይ ብቻ የሚወጋ ከሆነ ግን አቁሙ። ደረት ከተጫናችሁ ወይም ካዞራችሁ፣ አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጭንቀቱስ? ባጭሩ፦ ደረጃ ላይ ልቧ ይመታል፣ ቆይቶ ይረጋጋል። ሌሊት ልቧ ሲመታ «አለቀልኝ» ትል የነበረችው፣ ያ ምት ተመልሶ እንደሚረጋጋ በየጠዋቱ ታየዋለች።

የፈተናው ዕለት አራት ወጥታ ወረደች፤ አምስተኛ አልጨመረችም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈተና ክፍል ገባች። ጠረጴዛውን ሳትደገፍ ተቀመጠች።