የኤሚ መልስ ለምን ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ስለሰጠችው መልስ ላወራችሁ ነው። መልሱ በተሰጠበት ጊዜ ደካማ ተብሎ ነጥብ ተቀነሰበት። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ስህተቱ ከመልሱ ይልቅ ከጥያቄው በኩል እንደሆነ ይታየኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎውረንስ ኮልበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ሰው ስለ ትክክልና ስህተት የሚያስብበት መንገድ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ለልጆች ታሪክ እየነገረ ይጠይቅ ነበር። ከታሪኮቹ ሁሉ የታወቀው የሃይንዝ ታሪክ ነው። የሃይንዝ ሚስት በካንሰር ልትሞት ተቃርባለች። ያድናታል የተባለውን መድኃኒት ያገኘው ባለመድኃኒት 200 ዶላር ያወጣበትን በ2,000 ዶላር ይሸጣል። ሃይንዝ ተበድሮ ተለቅቶ ያገኘው የዋጋውን ግማሽ ያህል ነው። ቀሪውን ቀስ ብዬ ልክፈል ብሎ ቢለምንም ባለመድኃኒቱ እምቢ አለው። እንግዲህ ሃይንዝ መድኃኒቱን ይስረቅ ወይስ አይስረቅ?

ኮልበርግ መልሶቹን በስድስት ደረጃዎች መደባቸው። ከታች ቅጣትን መፍራት አለ። መሃል ላይ በቅርብ ሰዎች ዘንድ ጥሩ ሰው ሆኖ መገኘት፣ ከዚያም ሕግን ማክበር ይመጣል። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ለማንኛውም ሰው፣ በየትም ቦታ እኩል የሚሠራ መርህ ነው። መሰላሉን የሠራበት ጥናት የተካሄደው በወንዶች ልጆች ላይ ብቻ እንደነበር ልብ በሉ።

በሃርቫርድ አብራው ትሠራ የነበረችው ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ የሁለት ልጆችን መልስ ጎን ለጎን አቀረበች። ልጆቹን ጄክና ኤሚ ትላቸዋለች። ጄክ አላመነታም፤ ሕይወት ከገንዘብ ይበልጣልና ይስረቅ አለ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰዎች የገቡበት የሒሳብ ጥያቄ ነው ብሎም አከለበት። ኤሚ ግን መስረቅ የለበትም፣ ሚስቱም መሞት የለባትም አለች። ቢሰርቅ ምናልባት ዛሬ ያድናት ይሆናል። ነገር ግን እርሱ ቢታሰርና እርሷን እንደገና ቢያማት መድኃኒቱን ማን ያመጣላታል? ስለዚህ ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ ገንዘቡን የሚያገኙበት ሌላ መንገድ ይፈልጉ። ጠያቂው ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ሲያቀርብላት ኤሚ ግራ ተጋባች፤ ድምጿም በራስ መተማመኑን እያጣ ሄደ። በመሰላሉ ሲለካ ከጄክ አንድ ሙሉ ደረጃ ያህል ዝቅ አለች።

ጊሊጋን ያየችው ጠያቂው ያላየውን ነው። ጠያቂው ሃይንዝ እርምጃ ይውሰድ ወይስ አይውሰድ ብሎ የጠየቀ መስሎታል። ለኤሚ ግን እርምጃ መውሰዱ አጠያያቂ አይደለም፤ የምታስበው እንዴት ይውሰድ የሚለውን ነው። ባለመድኃኒቱም በእርሷ ዓይን የተዘጋ በር አይደለም። የሴትዮዋ ሁኔታ በደንብ ቢገባው ልቡ ሊራራ የሚችል ሰው ነው። የታሪኩ ደራሲ አስቀድሞ ያንን በር ስለዘጋው የእርሷ መልስ የዋህነት ተባለ።

ከጊሊጋን ሥራ የተነሣው የእንክብካቤ ሥነ ምግባር የሚባለው አስተሳሰብ፣ ለሁሉም እኩል ይሠራል በሚባለው መርህ ላይ የሚያቀርበው ዋና ትችት፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ትችቱን ለራስህ ወገን አድላ ከማለት ጋር ያምታቱታል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ብራያን ባሪ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳስረዳው፣ አድልዎ አይኑር የሚለው መርህ የሚመለከተው የጋራ ደንቦችን እንጂ የእያንዳንዱን ቀን ውሎ አይደለም። ወላጅ ለገዛ ልጁ ቅድሚያ ይስጥ የሚለውን ደንብ ሁሉም ሰው በእኩልነት ሊቀበለው ይችላል። ስለዚህ እናት የራሷን ልጅ ማስቀደሟ ከመርሁ ጋር አይጋጭም። መልሱ ጠንካራ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

የኤሚን ጉዳይ ግን አይነካውም። እርሷ የማን ጥቅም ይቅደም አላለችም። የጠየቀችው ሁኔታው ተሟልቶ ተነግሮናል ወይ ብላ ነው። በመርህ የሚሠራ ንድፈ ሐሳብ ሥራውን የሚጀምረው ችግሩ ተቆርጦና ተስተካክሎ ከቀረበለት በኋላ ነው። ሰዎቹን ባለመብትና ባለግዴታ አድርጎ ይመድባል፤ ከዚያ ይመዝናል። ምደባው ራሱ ከማን ዓይን እንደተሠራ፣ ምን ነገር ተቆርጦ እንደወደቀ ግን አይጠይቅም።

ይህንን ከራሴ ቤት ባውቀው ነገር ላሳያችሁ። አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ሦስት ልጆቹ ተራ ገባን። ቀኖቹን እኩል ተካፈልን፤ እሑድን በዙር አደረግነው። ሠንጠረዡ እንከን አልነበረውም። የትኛውም ፈላስፋ ቢያየው፣ ማንኛችን የትኛው ልጅ እንደምንሆን ሳናውቅ እንኳ የምንስማማበት ነው ይል ነበር።

አሁን አባቴ ሲመገብ እዩት። ግራ ጎኑ ደክሟል፤ መዋጥም ይቸገራል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ማንኪያው ትንሽ፣ መጠጡም ወፈር ያለ መሆን አለበት። አንዱን ጉርሻ ሳይውጥ ሌላው አይሰጠውም። ምግብ በደከመው ጉንጩ ውስጥ ስለሚጠራቀም በየመሃሉ አፉን ማየት ያስፈልጋል። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውኃ እንደያዘ ጉሮሮ ከሆነ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማቆም ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሳያስለውም ይሄዳል፤ የሚታወቀው በኋላ ደረቱ ሲታመም ነው። በልቶ ከጨረሰም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም ማለት የለበትም።

እህቴ ይህን ሁሉ ማንም በዝርዝር ሳይነግራት፣ ፊቱን እያየች ለመደችው። ቅንድቡ ከፍ ሲል ደክሞኛል ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ታናሽ ወንድሜ በተራው ቀን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ሳህኑን ባዶ አድርጎ ይሄዳል። በሠንጠረዡ መሠረት ሁለቱም ድርሻቸውን እኩል ተወጥተዋል። አባቴ ግን በወንድሜ ቀን አፉን መግጠም ጀመረ። ወንድሜ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሠንጠረዡ የተሠራው በእኛ መካከል ስላለው ሸክም ነው፤ ለአባቴ የተጻፈ አንድም መስመር አልነበረበትም። እርሱ በውስጡ የሚከፋፈል ሥራ እንጂ የሚጠየቅ ሰው አልሆነም።

የፖለቲካ ፈላስፋዋ ጆአን ትሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 እንክብካቤን በአራት እርከን ስትከፍለው የመጨረሻውን የሰጠችው ለተቀባዩ ነው። ችግሩ መኖሩን ታያለህ፤ ኃላፊነቱን ትወስዳለህ፤ ሥራውን በእጅህ ትሠራለህ። በአራተኛው እርከን ላይ የተደረገለት ሰው እንዴት እንደተቀበለው ይታያል፤ ሥራው መሳካቱ የሚታወቀውም በዚያ ነው። አባቴ አፉን ሲገጥም አራተኛው እርከን አልሆነም ማለቱ ነበር። የእኛ ሠንጠረዥ ሦስተኛው ላይ ቆሟል።

እናም ለእህቴ ብዙውን ቀን ሰጠናት። አባቴ በላ፤ ሳሉም ቀነሰ። ታሪኩን እዚህ ላይ የሚጨርሱ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ምክንያቱም እህቴ ሥራዋን ወደ ግማሽ ቀን አወረደች፣ ሌሊት ሌሊት መተኛት አቃታት፣ እኛ ወንዶቹ ደግሞ እጇ ብሩክ ነው እያልን እናወድሳት ነበር። ሙገሳ ርካሽ ነው። እንክብካቤን የሴት ተፈጥሮ አድርጎ ማየት እንዴት እንደሚያመች ያን ጊዜ ገባኝ። ጊሊጋንም ይህን አስተሳሰብ ከሴቶች ጋር በማያያዟ ክፉኛ ተተችታለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ላውረንስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1984 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ በኮልበርግ መለኪያ በወንዶችና በሴቶች መካከል ወጥ የሆነ ልዩነት አላገኘም። ለእኔ ይህ ትችቱን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠራዋል። ኤሚ ያየችውን ማየት የሴት ዕጣ ካልሆነ ወንድሜም ሊማረው ይችላል ማለት ነው።

ለእህቴ የተከራከረላት ግን የፍትሕ መርህ ነው። የፈላስፋዋ የኢቫ ኪቴይ ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። እርሷ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት ልጅ እናት ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ የፈላስፋውን የጆን ሮልስን የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ ትሞግታለች። ሮልስ ማኅበረሰብን ሲያስብ የሚነሣው ዕድሜ ልካቸውን ተባብረው መሥራት ከሚችሉ ሰዎች ነው። የማይችለውና እርሱን የሚንከባከበው ሰው ለኋላ የሚቆዩ ጉዳዮች ይሆናሉ። ኪቴይ ግን ሁላችንም በሌላ ሰው እጅ አድገን እዚህ ደርሰናልና፣ ተንከባካቢዋን የሚንከባከብ ሥርዓት የፍትሕ አካል መሆን አለበት ትላለች። እንክብካቤውን የተቀበለው ሰው ለተንከባካቢዋ መልሶ እንዲከፍላት ኪቴይ አትጠብቅም፤ አባቴ ለእህቴ ሊመልስላት አይችልምና። መመለስ ያለበት በዙሪያቸው ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ አዲስ ሠንጠረዥ ሠራን። እኔ ሌሊቱን ወሰድኩ። ወንድሜ የሐኪም ቀጠሮውንና እጥበቱን ያዘ፤ እህቴ ከደመወዟ ያጣችውንም ሁለታችን እየተካፈልን መክፈል ጀመርን። እርሷ በምታርፍባቸው ቀኖች የሚያበላው ወንድሜ ነው፤ አስቀድሞ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ስታበላ እያየ ተማረ። ከፊተኛው ሠንጠረዥ ይልቅ የተዘበራረቀ ነው፤ በሰዓት ቢቆጠር እኩልም አይደለም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። የእንክብካቤን ሥነ ምግባር ካራመዱት ፈላስፎች አንዷ የሆነችው ኔል ኖዲንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 በጻፈችው መጽሐፍ፣ በአፍሪካ ለተራቡ ልጆች የመንከባከብ ግዴታ የለብኝም ትላለች፤ እንክብካቤው እነርሱ ዘንድ ደርሶ ሊጠናቀቅ የሚችልበት መንገድ የለም፣ ቢኖርም በእጄ ያሉትን መተው ይሆንብኛል ባይ ናት። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። ከራሷ ሐሳብ አንጻር ወጥ ነው፤ የማያየኝንና የማላየውን ሰው ፊት ማንበብ አልችልም። ግን ከዚያ ከሩቁ በኩል ሆኖ ለሚያነብ ሰው ምን ማለት ነው? ኖዲንግስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ ከሩቅ ሆኖ ማሰብ የፍትሕ መነሻ ሊሆን እንደሚችል በመጻፍ አቋሟን አለዝባለች። እኔ ግን ማለዘቡ የሚበቃ አይመስለኝም። ፊቱን ለማላየው ሰው የመርህን ሚዛን የሚተካ ነገር በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ አላገኘሁም። ከሩቅ የሚላከው እርዳታ ግን ተቀባዩ እንዴት እንዳገኘው የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ እንደ እኛ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ሦስተኛው እርከን ላይ ይቆማል።