ጋቢው 1,800 ብር፦ ከቫት ጋር ወይስ ያለ ቫት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነኝ። ዛሬ ስለ አንድ ኢሜይል ነው የማወራችሁ። የሸማ ሥራ ያላቸው ሰዎች ለአዲስ አበባ ሱቅ ካታሎግና የዋጋ ዝርዝር ሲልኩ አብረው ስለሚጽፉት አጭር ደብዳቤ።

ይሄን ነገር ብዙ አስበዋለሁ። ገዢዋ ጋቢውን አልዳሰሰችውም። ክብደቱን አታውቅም፤ ጥለቱን በስልክ ስክሪን ነው የምታየው። ሸማኔው ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ የሠራው ሥራ በሙሉ ያኔ የሚወከለው በዚያ ጽሑፍ ነው።

ሸዋ በር አካባቢ ጋቢ፣ ነጠላና ኩታ የሚያሠራ አንድ ወጣት አለ። አዲስ አበባ ያለ የባህል ልብስና የስጦታ ዕቃ ሱቅ አገኘና ጻፈላቸው። ደብዳቤው ረጅም ነበር። ስለ ወሎ ሸማ ታሪክ ያወራል፣ ስለ ጥራት ያወራል፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ «ዋጋችን ተመጣጣኝ ነው፤ ዝርዝሩ ተያይዟል» ይላል። ከቀናት በኋላ መልስ መጣለት። መልሱ ይሄው ነው፦ «ዋጋው ቫትን ይጨምራል? ትንሹ ትዕዛዝስ ስንት ነው?»

ልጁ ትንሽ ከፋው። ስለ ጋቢው አንድም ቃል አላሉም። እኔ ግን «አብሽር፣ ይቺ ሴትዮ ልትገዛህ ፈልጋለች» አልኩት። መግዛት ያልፈለገ ሰው አይጠይቅም፤ ዘግቶት ያልፋል። እሷ ሒሳብ ጀምራለች፤ ሒሳቡን የምትጨርስበት ነገር ግን አላገኘችም።

እስቲ የእሷን ሒሳብ አብረን እንሥራው። ቁጥሩ የምሳሌ ነው። ጋቢው በዝርዝሩ ላይ 1,800 ብር ተብሏል። እሷ ሱቋ ውስጥ 2,760 ብር ትሸጠዋለች እንበል። በዚህ ውስጥ 15 በመቶ ቫት አለ፤ እሱ ሲወጣ 2,400 ብር ይቀራል። 1,800ው ቫት የማይጨምር ከሆነ ከአንድ ጋቢ 600 ብር ይተርፋታል። ቫት የሚጨምር ከሆነ ግን የጋቢው ዋጋ 1,565 ብር ገደማ ነው ማለት ነው። እሷ የቫት ተመዝጋቢ ስለሆነች የከፈለችውን ቫት ታቀናንሰዋለች። ያኔ የሚተርፋት 835 ብር ነው። በአንድ ጋቢ ላይ 235 ብር ልዩነት! የቤት ኪራይም፣ የሠራተኛ ደመወዝም የሚከፈለው ከዚያች ትርፍ ነው። ታዲያ ይሄን ሳታውቅ እንዴት «ላክልኝ» ትበል?

ለዚህ ነው «ተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለውን አባባል የማልወደው። ለቸርቻሪ ምንም አይነግረውም።

እና ደብዳቤውን አብረን እንደገና ጻፍነው። ርዕሱ ላይ «ሰላምታ» ወይም «የትብብር ጥያቄ» አላልንም። እንዲህ አልን፦ «በእጅ የተሸመነ ጋቢና ነጠላ ከደሴ፤ ካታሎግና የጅምላ ዋጋ»። ከወር በኋላ እንኳ ኢሜይሏ ውስጥ «ጋቢ» ብላ ብትፈልግ ታገኘዋለች። ውስጡ ደግሞ ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሱቅዎ የባህል ልብስ ከስጦታ ዕቃ ጋር እንደሚሸጥ አይቼ ነው የጻፍኩልዎ። ለእርስዎ ደንበኞች ይሆናል ብዬ ያሰብኩት በካታሎጉ ገጽ 3 ላይ ያለው፣ ኮዱ ጋ-02 የሆነው ጋቢ ነው። የጅምላ ዋጋው 1,800 ብር ሲሆን ቫትን አይጨምርም። ይህ ዋጋ ከ10 ጋቢ ጀምሮ ለሚያዝ ነው። ርክክቡ ደሴ ነው፤ አዲስ አበባ ማድረስ ከፈለጉ የጭነቱን ዋጋ ለብቻ አሳውቅዎታለሁ። ዋጋው እስከ ጥር 30 የጸና ነው። በእጅ ስለሚሸመን በርዝመቱ ላይ የጥቂት ሳንቲሜትር ልዩነት ሊኖር ይችላል። ከፈለጉ አንድ ናሙና ልልክልዎ እችላለሁ።»

ከሥር ስም፣ ስልክ፣ የንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር። በቃ።

አንዳንዶች «ይሄ ሁሉ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ አለ አይደል፣ ለምን ይደገማል?» ይላሉ። ሱቅ ያላት ሴት ኢሜይሉን የምታየው ደንበኛ እያስተናገደች ነው፤ ያውም በስልኳ። አባሪውን ማታ ትከፍተው ይሆናል። አሁን ዓይኗ የሚያርፈው ደብዳቤው ላይ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የአንዱ ዕቃ ሒሳብ እዚያው ማለቅ አለበት።

የቫት ተመዝጋቢ ያልሆነ ሰውም ቢሆን «ተመዝጋቢ አይደለንም» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ያኔ ገዢዋ የምታቀናንሰው ቫት እንደሌለ አውቃ ታሰላዋለች። ይሄ አያሳፍርም። የሚያስቀይመው ደረሰኝ ሲቆረጥ ሲታወቅ ነው።

የማብቂያ ቀኑንም ብዙ ሰው ይፈራዋል። ገዢን ማጣደፍ ይመስላቸዋል። ግን የድርና የማግ ዋጋ ሲጨምር የሚጎዳው ማነው? ቀን ከሌለው፣ ከአምስት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዛ «1,800 ብላችሁ ነበር» ብትል እውነት አላት። በኢትዮጵያ ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ካልተለየ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው፤ ዓመተ ምህረቱን ዝርዝሩ ላይ ጻፉት።

አንድ በጣም የማስብበት ነገር አለ። ልጁ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ያንኑ ጋቢ ለአንድ ሰው በ2,000 ብር ይሸጥ ነበር። ቅድም ያሰላነው የሱቋ ዋጋ 2,760 ነው። ደንበኛዋ ጋቢውን ሱቅ ውስጥ ዳስሳ፣ ስልኳን አውጥታ ከእሱ ትገዛለች። ቸርቻሪ ይሄን አንዴ ካየች ሁለተኛ አታዝዝም፤ ትክክልም ናት። ስለዚህ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት የቻናሉን ዋጋ ከሱቅ ዋጋ ጋር አቀራረበው። ትንሽ አንገራገረ፤ የቻናሉ ደንበኞች ይቀንሳሉ ብሎ ሰጋ። ስጋቱ እውነት ነው። ግን ጅምላም በጅምላ ዋጋ፣ ችርቻሮም በጅምላ ዋጋ ተሽጦ አይዘለቅም።

ስለ ካታሎጉ ብዙ አልልም። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ አይልክም፤ ሊንክ ያደርገዋል። ከዚያ በታችም ቢሆን ከባድ ፋይል ለስልክ ዳታ ጥሩ አይደለም። ፎቶዎቹን አሳንሶ በፒዲኤፍ መላክ ነው። ዋናው ነገር ከፎቶው ሥር ያለው ኮድና በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ያለው ኮድ አንድ መሆኑ ነው። ፎቶው «ጋ-02» ብሎ ዝርዝሩ «ባለ ቀይ ጥለት ጋቢ» ካለ፣ ሁለት ባለ ቀይ ጥለት ጋቢ ባለበት ቤት የተሳሳተው ይጫናል። የፋይሉም ስም `katalog-final2.pdf` አይሁን፤ ዕቃውና ከተማው ይግባበት፣ `Gabi-Dessie-Waga.pdf` እንደሚለው።

ለብዙ ሱቅ በአንድ ጊዜ ስትልኩም ሁሉንም አድራሻ አንድ ላይ አትደርድሩ። ሁሉም እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ቅናሽ ሲያገኝ ሌላውም ይሰማል። ደግሞም «ለእርስዎ ሱቅ ያሰብኩት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያኔ ውሸት ይሆናል። ለየብቻ ላኩ።

መልስ ካልመጣስ? ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ በዚያው ኢሜይል ላይ መልሱ፤ አዲስ አትክፈቱ። «ደረሰዎ ወይ?» ብቻ አትበሉ። «ጋ-02ን በናሙና ልላክልዎ? ለየትኛው አድራሻ?» በሉ። ይሄ በአንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ ነው። ልጁም ለሴትዮዋ የጻፈላት እንደዚሁ ነበር፤ አድራሻዋን ላከችለት፣ ናሙናውም በአውቶቡስ ሄደ። ትዕዛዙን ገና እየጠበቀ ነው። ውጤቱን ሲነግረኝ እነግራችኋለሁ። ደህና ሰንብቱ።