ምሳ ፍኖተ ሰላም፣ እንቅልፍ ደምበጫ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው መሪ ላይ ስለሚመጣ እንቅልፍ ነው። የሌሊቱን ጉዞ ለጊዜው ልተወው፤ ሌሊት ሾፌሩም ተሳፋሪውም ስለሚፈራ ይጠነቀቃል። እኔን የሚያሳስበኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ተበልቶ፣ አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ እያለ የሚመጣው ነው። ቦታውም ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም በሉማሜ አድርጎ ደጀን ድረስ ያለው መንገድ ይሁን።

አንድ ሁኔታ እናስብ። ከባሕር ዳር ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ አለ። ሾፌሩ ማታ 5 ሰዓት ተኛ፤ ጭነቱን ለማስጨረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሳ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣ። በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ፣ በየኬላው እየቆመ፣ ጎማ እያየ፣ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ምሳውን ጠግቦ በላ፤ 7 ሰዓት ላይ ሞተር አስነሳ። ጂጋን አልፎ ደምበጫ አካባቢ ሲደርስ ዓይኑ መክበድ ጀመረ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በምሳው ላይ ይጥላል። ምሳው ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። የሰው አካል በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ እንቅልፍ ያዘነብላል፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በጣም፣ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ደግሞ በመጠኑ። ይህ ጾም ላይ ላለና ምንም ላልቀመሰ ሰውም ይመጣል። የእኛ ሾፌር ደግሞ የተኛው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለአዋቂ ሰው ከሚያስፈልገው ቢያንስ 3 ሰዓት ጎድሎታል። ከነቃም 10 ሰዓት አልፎታል። ጉድለቱ ጠዋት ላይ አይታወቅም፤ ብርዱም፣ ሥራውም፣ የአካሉ ሰዓትም ያነቃዋል። ከቀትር በኋላ ግን ሦስቱም ይለቁትና ጉድለቱ ብቻውን ይቀራል።

መንገዱም ያግዘዋል። እዚያ ላይ የሚያነቃ ጠመዝማዛ ብዙ የለም። ሜዳ፣ እርሻ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ እርሻ። አእምሮ አዲስ ነገር ሲያጣ ለእንቅልፍ ይመቻቻል። ስለዚህ ሾፌሩ ተጠንቅቆ የሚወርደው የዓባይ በረሃ ሳይሆን፣ አርፎ የሚነዳበት ሜዳ ነው ቀድሞ የሚይዘው።

ምልክቶቹን ስንጠይቅ የብዙዎቹ መልስ «አንገቴ ዘንበል ሲል አውቃለሁ» የሚል ነው። ይህን መልስ አጥብቄ እቃወማለሁ። አንገት ከወደቀ ማስጠንቀቂያው አልፏል፤ ያ ራሱ እንቅልፍ ነው። ድካም ያለበት ሰው አንድም ሁለትም፣ አንዳንዴ ከአሥር ሰከንድ በላይ እንቅልፍ ይወስደውና ይመለሳል። ዓይኑ ገርበብ ብሎ ተከፍቶም ሊሆን ይችላል፤ መተኛቱንም ላያውቀው ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አራት ሰከንድ ማለት 67 ሜትር ያለ ሾፌር መሄድ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ደግሞ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ከብት የሚነዳ ልጅ፣ ጭነት የተሸከመ አህያ አይጠፋም። እንቅልፍ የወሰደው ሾፌር ፍሬን አይዝም፣ መሪም አያዞርም። ወይ ወደ ቀኝ እግረኛው ላይ፣ ወይ ወደ ግራ ከፊት በሚመጣው መኪና ላይ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚከፋው በዚህ ነው፤ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ነው የሚደርሰው።

እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይመጣል፤ ሲመጣም ለስላሳ ነው። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ መቀመጫ ያጣል፤ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ዓይኑን ያሻል፤ ማጅራቱን ይዳብሳል። ዘፈኑ ይሰለቸዋል፤ ረዳቱ ሲያናግረው ይቆጣል። እግሩ ነዳጁ ላይ ይዝላል፤ 60 የነበረው ሳያውቀው 50 ይወርዳል፣ ከዚያ ደንገጥ ብሎ 65 ያደርሰዋል። ይህ የፍጥነት መውጣትና መውረድ ጠቃሚ ምልክት ነው፤ የፍጥነት መለኪያውን እያዩ ማረጋገጥ ይቻላልና። ቀጥሎ ማዛጋቱ ይደጋገማል፤ ዓይን ሲርገበገብ ለመከፈት ይዘገያል። መኪናው የመሀሉን መስመር ይነካል፤ ሾፌሩ በቀስታ መመለስ ሲገባው በድንገት ነጥቆ ይመልሰዋል። «አማኑኤልን አለፍናት እንዴ?» ብሎ ከጠየቀና ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ማስታወስ ካቃተው፣ የሚቀጥለው ከተማ መቆሚያው መሆን አለበት። አንዴ እንኳ ጎማው ጠርዝ ከነካ ወይም አንገቱ ከወደቀ ግን ከተማ አይጠበቅም፤ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ሊቆም የሚችልበት የመጀመሪያው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል።

መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮ መጮህ፣ ፊት መታጠብ፣ ሱፍ መቀርጠፍ፣ ስልክ መደወል፣ ጉንጭን በጥፊ መምታት፣ እነዚህ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ያነቁ ይሆናል። ችግሩ እንቅልፉን አይቀንሱትም። በሚነቃባት ደቂቃ ሾፌሩ «አለፈልኝ» ብሎ ስለሚያምን፣ መቆሚያውን ከተማ አልፎ ይሄዳል። ጫት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው የምለው ምልክቶቹን ስለሚሸፍን ነው። ሾፌሩ ዓይኑ ፈጦ ሳለ የእንቅልፍ ጉድለቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ምርቃናው ሲወርድ ያ ሁሉ የተጠራቀመ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል።

እንቅልፍን የሚቀንሰው እንቅልፍ ነው። የእኛ ሾፌር ደምበጫ ገብቶ ይቁም። ማደያ ግቢ ወይም መናኸሪያ አጠገብ፣ ጥላና ሰው ያለበት ቦታ ይምረጥ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ጢሱ ወደ ጋቢና ገብቶ የተኛን ሰው ሊገድል ይችላል። መስኮቱም ትንሽ ክፍት ይሁን። (ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ ስትነሱ አንሱት። አስፋልት ላይ የተተወ ድንጋይ ማታ ለሚመጣው ባጃጅ ወይም ሞተር አደጋ ነው።)

ከዚያ ቡና። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ቡናው ከመተኛት በፊት ነው የሚጠጣው። የቡናው ንጥረ ነገር ሆድ ገብቶ አእምሮ ጋ ደርሶ እስኪሠራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ወዲያው ጋደም ያለ ሰው፣ ሲነቃ ቡናውም ሥራውን ሲጀምር ይገናኛሉ። ስኒ ይዞ በጨዋታ መቆየት አይሆንም፤ በረካውን እየጠበቁ ግማሽ ሰዓት ከሄደ ቡናው መሥራት ይጀምርና መተኛቱ ይከብዳል። ከመንገድ ዳር ጀበና አቦሉን ጠጥቶ፣ «ቶናው ካለ ስጭኝ» ብሎ፣ ሄዶ መተኛት ነው።

የስልኩ ደወል ለ20 ደቂቃ ይሞላ፤ ረዳቱም እንዲቀሰቅሰው ይነገረው። ከ20 ደቂቃ ያልበለጠበት ምክንያት አለው። ከግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ሰውነት ወደ ከባዱ እንቅልፍ ይገባል፤ ከዚያ መሀል የተቀሰቀሰ ሰው ድንዝዝ ይላል፣ አንዳንዴ ከመተኛቱ በፊት ከነበረው የባሰ ይሆናል። ጊዜ ካለ ደግሞ ሰዓት ተኩል ያህል መተኛት ይሻላል። አስቸጋሪው መሀሉ ነው። ደወሉ ሳይሰማ 50 ደቂቃ ከሄደ ዘሎ መሪ መያዝ የለም፤ ወርዶ ጎማ መዞር፣ ገመድ ማጥበቅ፣ ፊት መታጠብ፣ ራስ እስኪጠራ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ነው። 20 ደቂቃ የተኛም ቢሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንቀሳቀስ። እንቅልፍ ባይወስደው እንኳ ዓይን ጨፍኖ መጋደሙ ከመንዳት ይሻላል።

ይህ ምን ያህል ያስኬዳል? አንድ ሰዓት ምናልባትም ሁለት ሰዓት። ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሾፌሩ ራሱን እንደገና ይመርምር። ምልክቶቹ ከተመለሱ ሁለተኛ ቡናና ሁለተኛ ሸለብታ አልመክርም፤ ጉድለቱ በሸለብታ የሚሞላ እንዳልሆነ ታይቷልና እዚያው ማደር ነው። ምክንያቱ ከሉማሜና ከደጀን በኋላ የሚጠብቀው ነገር ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ወደ ወንዙ ሲቃረቡም ሙቀቱ ይጨምራል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ መውረድ ያስፈልጋል። የደከመ ሾፌር ግን መጀመሪያ የሚያጣው ይህንን ቀድሞ መወሰንን ነው። ማርሹን ሳይቀንስ ይገባል፣ ኩርባውን ዘግይቶ ያያል፣ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጣል። ፍሬኑ ሲግል መያዙን ያቆማል። ያኔ ሾፌሩ ሙሉ በሙሉ ቢነቃም የሚይዘው ነገር የለም።

ለረዳቶችና ጋቢና ለምትቀመጡ ደግሞ አንድ ነገር። «እንቅልፍ ይዞሃል?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ ደህና ነኝ» ነው። የደከመ ሰው ዓይኑ እንደከበደ ያውቃል፤ መቼ እንደሚወስደው ግን አያውቅም። ስለዚህ የታየውን መናገር ይሻላል፦ «ጋሼ፣ መስመሩን ሁለቴ ነክተዋል፤ ደምበጫ ገብተን ቡና እንጠጣ፣ እርስዎም ትንሽ ጋደም ይበሉ።» ይህን ሲባል እምቢ የሚል ሾፌር ካለ፣ ተሳፋሪ ሁሉ አንድ ላይ «አቁምልን» የማለት መብት አለው። ባለንብረቱም ከመውጣት በፊት ቢነገረው ጥሩ ነው፤ «ጭነቱ ሌሊት 9 ሰዓት ካለቀ ደብረ ማርቆስ እናድራለን» ተብሎ ከተስማሙ፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ከእንቅልፍም ከስልክም ጋር አይታገልም።

የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒት የምትወስዱ ፋርማሲው ላይ «መኪና እነዳለሁ፣ ያስተኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በማግስቱም ያፈዛሉ። ሌሊቱን 7 ወይም 8 ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ቀን መሪ ላይ የሚያንቀላፋ፣ ሲተኛም ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም እያለ የሚመለስ ሰው ካለ ግን ነገሩ የድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። በእንቅልፍ ጊዜ የመተንፈሻ መንገድ የመዘጋት ሕመም ነው የሚጠረጠረው፤ ሕክምና አለው። ለሐኪሙ ማንኮራፋቱን ብቻ ሳይሆን ትንፋሹ መቆሙን ያየ የቤት ሰው አብሮ ሄዶ ቢናገርለት ምርመራው ይቀላል።