የምዕራቡ ፊት

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ መምህራን፣ እናንተም ዛሬ የማጠቃለያ ሥራችሁን ለእይታ ያቀረባችሁ ተመራቂዎች፣

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ ስለ ሕንፃ ፊት አቀናበር እንድናገር ጋብዘውኛል። ስለ ሪትም፣ ስለ ድፍንና ክፍት ምጣኔ፣ ስለ ጥላ መስጫም አነሣለሁ። እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ በዚህች ከተማ ወደ ምዕራብ የሚመለከተው የሕንፃ ፊት።

ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ አስቡ። ስሙን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ አልፋችኋል፣ እሱን የሚመስሉም በየመንገዱ አሉ። ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል ስለሆነ፣ መንገዱን የሚያየው ፊት ከታች እስከ ላይ መስታወት ተደርጓል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ለሥራ ጉዳይ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሠራተኞቹ መስታወቱን በካርቶን ሸፍነውታል፤ ካርቶን ያልደረሰበትን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ለጥፈውበታል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛዋን ኮሪደር ላይ አውጥታለች። ውጭው ብርሃን ሆኖ ሳለ ውስጥ መብራት በርቷል። የአዲስ አበባ አየር እኮ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው አይደለም! እዚያ ክፍል ግን ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ይጮኻል።

በኋላ ባለቤቱ ማስተካከያ አሠራ። በየፎቁ፣ በአራቱም ፊት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ አግድም የአሉሚኒየም ክንፍ ተገጠመ። ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት ያምር ጀመር። ተመልሼ ስሄድ ካርቶኑ እንዳለ ነው።

ለምን? መልሱ በእርሳስና በወረቀት የሚገኝ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። መጋቢት 12 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ቀጥታ በምዕራብ በኩል ትገኛለች። በዚያ ሰዓት 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክንፍ የሚጥለው ጥላ 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስኮቱ ቁመቱ 1.5 ሜትር ቢሆን፣ ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆነው ፀሐይ ይመታዋል። ሙሉውን ለመጋረድ ክንፉ 2.6 ሜትር መውጣት ነበረበት። ያ ክንፍ መሆኑ ቀርቶ በረንዳ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፀሐይዋ ይበልጥ ዝቅ ትላለች።

ያው 60 ሳንቲ ሜትር በደቡብ ፊት ቢሆን ሥራውን በወጉ ይሠራል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ወደ 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለምትሆን ጥላው 95 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የቀረው የመስኮቱ ታችኛ ክፍል ፀሐይ ቢያገኝ በታኅሣሥ ብርድ ማንም አይከፋም። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ እኩለ ቀን ላይ በጣም ከፍ ስለምትል ለሰሜኑ መስኮት 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። እንግዲህ አንዱን ክንፍ በአራቱም አቅጣጫ ደጋግሞ የለጠፈ ሰው ፀሐይን አላሰበም ማለት ነው። ጌጥ ገጠመ፣ ጌጡንም ጥላ ብሎ አስከፈለ!

ይህ ዓለም ያልተማረበት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፓሪስ ላይ የተከፈተው፣ አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ የነደፈው የቤት አልባዎችና የድሆች ማረፊያ የደቡቡን ፊት በማይከፈት መስታወት ሸፍኖ ነበር። በበጋ ሰዎቹ በሙቀት ተሰቃዩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፀሐይ መከላከያ ተጨመረለት። በሪዮ ዴ ጄኔሮ የትምህርትና ጤና ሚኒስቴር ሕንፃ ሲሠራ ግን፣ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነ ፀሐይ የሚበዛበት የሰሜኑ ፊት ብቻ የሚዞሩ አግድም ክንፎች ተሰጡት፤ የደቡቡ ፊት መስታወቱን እንደያዘ ቀረ። ሁለቱ ፊቶች አይመሳሰሉም፣ ሕንፃው ግን አንድ ነው።

ታዲያ ያንን ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ እንዴት እንሥራው? በመጀመሪያ ከድፍኑ እንነሣ። ደረጃውን፣ መጸዳጃውን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን ወደ ምዕራብ እንውሰድ፤ እነዚህ ትልቅ መስኮት አይጠይቁም። ኮለኖቹ በ6 ሜትር ርቀት ከቆሙ መሐሉን አምስት ቦታ፣ እያንዳንዱን 1.2 ሜትር አድርገን እንክፈለው። በምዕራብ ከአምስቱ ሁለቱ ክፍት፣ ሦስቱ ድፍን ይሁኑ። ፎቁ 3.3 ሜትር፣ መስኮቱ 1.5 ሜትር ከሆነ፣ ክፍቱ ከጠቅላላው ግድግዳ አንድ አምስተኛ አይሞላም። ይጨልማል ብላችሁ አትፍሩ። ብርሃን ወደ ክፍሉ የሚዘልቀው የመስኮቱ የላይኛ ጠርዝ ከፍ ባለ መጠን ስለሆነ፣ መስኮቱን ወደ ሶሌታው አስጠጉት። በሰሜን ፊት ከአምስቱ ሦስቱን ወይም አራቱን መክፈት ይቻላል። መጠኑ ያው 1.2 ሜትር ስለሆነ ድፍኑና ክፍቱ ቢቀያየርም ዓይን የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያውቃል። ሪትም የምለው ይህንን ነው።

የቀሩትን የምዕራብ ክፍቶች ቋሚ ክንፍ ይጋርዳቸው። ግን ቀጥ ብሎ ከግድግዳው የሚወጣ ቋሚ ክንፍ በመጋቢትና በመስከረም አይረዳም፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ በመሐሉ ሰተት ብላ ትገባለች። ክንፉን 45 ዲግሪ ወደ ሰሜን አዙሩት። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ብትደረድሩ፣ ቀጥታ ከምዕራብ የሚመጣው ጨረር ይዘጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለምታዘቀዝቅ ያኔማ ይበልጥ ይዘጋል። ቀዳዳ የሚቀረው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ለሚመጣው የሰሜን ምዕራብ ፀሐይ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ አብዛኛውን ከሰዓት ደመና ይሸፍነዋል። ዋጋው እይታው ነው፤ ከውስጥ ያለው ሰው መንገዱን በሰያፍ ያያል እንጂ ሙሉውን አያየውም። ይህንን ለአሠሪያችሁ ከመጀመሪያው ንገሩት።

«ባለሀብቱ መስታወት ካልሆነ አይሆንም ይላል» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ካርቶኑን ያየ ባለሀብት ስንቱ ነው? ሄዳችሁ አሳይታችሁታል? የሚያሳየው ምስል ጠዋት ላይ የተሠራ፣ ሰማዩ ሰማያዊ የሆነ ሥዕል ብቻ ከሆነ ምን ብሎ ይመርጥ? የአሥር ሰዓቱን ሥዕል የደበቅነው እኛ ባለሙያዎች ነን! አሉኮቦንዱንም መስታወቱንም በስማችን ፈርመን ያስገባነው እኛው ነን!

ጥልቀት ውድ ነው የሚለውንም አልቀበልም። የአክሱም ሐውልቶችን ተመልከቱ። ወደ ሮማ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ የፎቅ ቤት ፊት ነው። ፎቅን ከፎቅ የሚለዩት ክብ የግንድ ጫፎች በረድፍ ተቀርጸዋል፣ መስኮቶቹም በየደረጃው ይደጋገማሉ። ገባ ወጣ ያለው ጥልቀት ጥቂት ነው፤ ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው ግን ሁሉም መስመር ይነበባል። እኛም በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ ላይ መስኮቱን ከውጭ ጠርዝ አንሥተን ወደ ውስጥ ብናስገባው፣ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥላ እናገኛለን።

ስለ ዝናብ አንድ ነገር ልጨምር። ከእያንዳንዱ ክንፍና የመስኮት ደፍ ሥር የውኃ ማንጠባጠቢያ ቦይ ይኑር፤ ከሌለ በሁለት ክረምት ልስኑ ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል። ክንፎቹን የሚያጸዳ ሰው በየት እንደሚደርስም አስቡበት።

ሥራዎቻችሁ በጎን ባለው አዳራሽ ተሰቅለዋል። አሁን ገብቼ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ፤ የምጠይቃችሁም የምዕራቡን ፊት፣ መጋቢት 12፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ያለውን ጥላ ነው። ያልሣለው ካለ እርሳስ ይዣለሁ፣ አብረን እንሥላለን።

አመሰግናለሁ።